ከግንባሬ የሸሸው ፀጉር

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን ቀጠሮ ልይዝበት ነበር። ዛሬ ግን ቀጠሮው የራሴ ሆነና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ራሴ ጭንቅላት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጉድ ነው መቼም! ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር እየሠራሁ የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ፀጉር ከግንባሬ ሲሸሽ ቁጭ ብዬ አየሁት።

የቆዳ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ ታላቅ እህቴ ናት። «ወሰደችኝ» ስል በፈቃዴ የሄድኩ እንዳይመስል፤ ጎትታ ነው። ትናንት ዊጌን አውልቄ፣ ፀጉሬን ፈትቼና ታጥቤ፣ ሻሼን ገና ሳላስር በሩን ከፍታ ገባች። አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እየኖርን ሁለት ዓመት ደብቄያታለሁ። ስተኛ እንኳ ሻሽ አስሬ ነው። ከገበያ የያዘችውን ዘንቢል በሩ ላይ አስቀመጠችና ቀርባ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘች።

«እህቴን! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያደርግም» አለችና ዛሬ ጠዋት ከሥራዋ አስፈቅዳ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙራ አስቀመጠችኝ። ብርሃን ያለው ትንሽ ማጉያ ቆዳዬ ላይ ለጠፍ እያደረገች ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ጀምራ በግንባሬ ዙሪያ እስከ ግራው ድረስ አየችኝ። እያየች ትጠይቀኛለች።

«ሹሩባ ስትሠሪ ያምሻል?»

«ማንን ነው የማያመው?»

«እንቅልፍ ይነሳሻል?»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማስታገሻ ወስጄ ነው የምተኛው።»

«ጠርዙ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል?»

«ይወጣል። ከዚያ ይጠፋል።»

«ሲጠፋ ፀጉሩንም ይዞ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

ከዚያ ማጉያው ያነሳውን ሥዕል በስክሪን አሳየችኝ። ግራ ጎኔ ላይ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዳንዶቹ አንድ፣ ከአንዳንዶቹ ሁለት ቀጭን ፀጉር ይወጣል። ሥሩ አለ፣ ደክሟል እንጂ አልሞተም አለች። ቀኝ ጎኔ ላይ ግን ቀዳዳ የሚባል የለም። የተቃጠለ ቦታ ሲድን እንደሚያበራው ቆዳ ልስልስ ብሎ ያበራል። «እዚህ ጋ ጠባሳ ሆኗል። ጠባሳ ፀጉር አያበቅልም» አለች። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ጠርዙ ነው። ግንባሬ መጨረሻ ላይ አጫጭር፣ ቀጫጭን ፀጉሮች ተሰልፈው ቀርተዋል፤ ከኋላቸው ባዶ ነው። ለምን እነሱ ብቻ ተረፉ ብዬ ጠየቅኋት።

«አጭር ስለሆኑ። ጎንጓኟ ልትይዛቸው አልቻለችም። የያዘችውን ሁሉ ነቅላዋለች።»

በዘር የመጣ አይደለም፣ ሻምፖም አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። መጎተት ነው። ለማንኛውም ብላ ደሜን ለምርመራ ላከችው፤ የብረት ማነስና የእንቅርት ነገር ካለ አብሮ እንዲታይ። ከዛሬ ጀምሮ ጥብቅ ሹሩባ የለም፣ የፀጉር ቅጥያ የለም፣ የዊግ ሙጫ የለም፣ ወደ ላይ ጭምድድ አድርጎ ማሰርም የለም። ጠዋትና ማታ ቆዳው ላይ የሚቀባ ፈሳሽ መድኃኒት ሰጠችኝ። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ ደንግጠሽ እንዳታቆሚ። ከስድስት ወር በፊት አትፍረጂ» አለች። ቀልቶ ያበጠው ቦታ ላይ ደግሞ በቀጭን መርፌ የእብጠት ማስታገሻ ወጋችኝ፤ በየወሩ እየመጣሁ እወጋለሁ።

ልወጣ ስል ቀኝ ጎኔን እያሳየሁ «ይሄስ?» አልኳት።

«ይሄ አይመለስም። ልዋሽሽ አልችልም። ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጪ ኖሮ መጎተቱን በማቆም ብቻ ሊድን ይችል ነበር።»

ወይ ነዶ! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄኔ ነው። እህቴ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛኝ መጣች። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚመላለሰው። እሱ እንዲህ ሆኜ ቢያየኝ ምን ይላል? ሊመለስ አምስት ወር ቀርቶታል።

ረቡዕ

ስለ እሱ ልጻፍ። ካልጻፍኩ አልተኛም።

አብረውኝ የሚሠሩት የሳሎኑ ልጆች «ጭምቱ» ነው የሚሉት። የሳሎኑ ባለቤት የእትዬ ብቸኛ ልጅ ነው። የውበት ሳሎኑ ያለበት ፎቅ የቤተሰባቸው ነው፤ እኔና እህቴ የምንኖርባት ክፍል ከእትዬ ዕቃ ቤት ታንሳለች። ይህን የምለው ቅናት ይዞኝ አይደለም። በእኛና በእነሱ መካከል ያለውን ርቀት ማንም ሳይነግረኝ ከደረጃው አውቀው ስለነበር ነው። እነሱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እኔ ወደ ውጪ እወጣለሁ።

እትዬ የቀጠሩኝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያኔ ፀጉሬ ብዙ ነበር፣ «ዞማ» የሚል ስም አወጡልኝ። እሳቸው ጎንጓኝ ናቸው፣ ግን ተራ ጎንጓኝ እንዳይመስልሽ፣ ደብተሬ፤ እጃቸው ማሽን ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሳሎኑን አዲስ ስታይል የሚሠሩት በእኔ ራስ ላይ ነው። መጀመሪያ ግንባሬ ዳር ያለችውን ደቃቅ ፀጉር ሳይቀር በጄል ለቅመው ይይዛሉ። ከሥሩ ቅጥያውን ያስገቡና ቋጠሮውን ቆዳው ድረስ ያጠብቁታል። ጫፉ እስከ ወገቤ ይወርዳል። አንዱ ጉንጉን ብቻውን ቀላል ነው፤ ስልሳው ተደምሮ አናቴ ላይ ሲጠቀለል ግን አንገቴ ሸክም እንደተሸከመ ይሆናል። ያ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው ደግሞ ግንባር ዳር ባሉት፣ ከሁሉ በሚቀጥኑት ፀጉሮች ላይ ነው። ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ የደነገጥኩ እመስል ነበር። «እትዬ፣ አመመኝ» ስል «ካላመመማ ምኑን ተሠራ? ሁለት ቀን ነው፣ ይለቅሻል» ይሉኛል። ሁለት ቀን ሆኖ ይለቀኛል። በእሳቸው አላሳብብም፤ እኔም ስንቱን ደንበኛ እንዲያ እያልኩ አስለቅሻለሁ። ደንበኛዋ ካላለቀሰች ሥራዬ የላላ እየመሰለኝ!

ሲሳሳ ደግሞ በቅጥያ ሸፈንነው፤ ቅጥያው የቀረውን ጎተተው። ቅጥያው አልይዝ ሲል በዊግ ሸፈንነው፤ የዊጉ ጠርዝ በሙጫ እየተለጠፈ ሲላቀቅ ሌላውን ይዞት ሄደ። ከዊጉ ሥር ያለው ደግሞ ያው ጥብቅ ሹሩባ ነው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል አሉ። እኔ ስልስ ነው የከረምኩት።

ለምን አላቆምሽም ብትይኝ፣ መልሱ ያሳፍረኛል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ሹሩባ ሲሠራልኝ ፎቶ የሚያነሳኝ እሱ ነበራ! የሳሎኑ መስኮት ላይ የሚሰቀሉትን ፎቶዎች የሚያነሳው ጭምቱ ነው። ከላይ መሣሪያውን ይዞ ይወርዳል፣ «ደህና ዋልሽ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ቃል አይወጣውም። ግን ያያል። አንድን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የሚያይ ወንድ አጋጥሞሽ ያውቃል? መጀመሪያ የሚያየው መስታወቱን መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ካሜራውን አውርዶት እንኳ ዓይኑን ከእኔ ላይ ማውረድ ረሳው። እኔም ረሳሁ። ከላይ እትዬ ሲጠሩት ነው የባነንነው። ያን ዕለት ራሴ እንደ እሳት እየነደደ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እንግዲህ ለዚያች አንድ ሰዓት ብዬ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሕመሙን የምከፍለው እሱ እንዲያየኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የመንገደኞች መርከብ ላይ በፎቶ አንሺነት ተቀጥሮ ሄደ። ሲሄድ ደረጃው ሥር ቆሞ «ስመለስ ለእናቴ እነግራታለሁ» አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ሁለታችንም እናውቀው ነበር። አፍ የሌለው ሰው ብዕር ላይ ሌላ ሰው ነው፤ መርከቡ ከሚያርፍበት ወደብ ሁሉ ደብዳቤ ይልክልኛል። «ዛሬ ባሕሩ ረጋ ብሏል፤ አንቺ መስታወቱ ፊት ስትቀመጪ የምትረጊውን መርጋት» ብሎ የጻፈልኝን መስመር መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በየደብዳቤው መጨረሻም አንድ ነገር ይለምነኛል፣ አዲስ ፎቶ ላኪልኝ ይላል።

የምልክለት የድሮዎቹን ነው። በመጨረሻው ደብዳቤው ላይ እንዲህ ይላል፤ «የላክሽልኝን ራሴ ያነሳሁት መሆኑን አላውቅም ብለሽ ነው? የዛሬዋን ለምን ትደብቂኛለሽ? ሌላ ሰው ካለ በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

ሌላ ሰው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእሱ ሌላ ማንንም አላሰብኩም። ግንባር ስል ራሴም ሳቅሁ፤ ግንባርስ አሁን ሞልቶኛል። ከሳቁ በኋላ ግን ትራሴ ረጠበ። እንዴት አድርጌ ነው «የምትናፍቃት ሴት ቀስ በቀስ እየረገፈች ነው» ብዬ የምጽፍለት?

ዓርብ

ዛሬ ሁለት ነገር ሆነ። አንዱን እኔ አደረግኩት፣ ሌላው እኔን አደረገኝ።

የመጀመሪያው ይሄ ነው። ጠዋት እህቴን መቀስ አስይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዊጉን በሙጫ መለጠፍ እንደማልችል ታውቋል። ረጅሙን ወደ ፊት እያመጣሁ ባዶውን መሸፈን እችል ነበር፤ ግን ለመሸፈን መሳብ አለብኝ፣ መሳብ ደግሞ ያስቀረሁትን መጨረስ ነው። ከሌላ ቦታ ፀጉር ነቅሎ እዚያ መትከልም አለ ብላኛለች ሐኪሟ፤ ሕመሙ ቢያንስ ዓመት ያህል ረግቶ መቆየት አለበት፣ ቢሆንም እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለች። አስቤበት ተውኩት። ሁለተኛ ራሴን ለማንም መስጠት አልፈለግኩም። ስለዚህ ቁረጪው አልኳት።

«ሁሉንም?» አለችኝ።

«ሁለት ጣት አስቀሪልኝ።»

ሲወድቅ ድምፅ የለውም። ሲያልቅ አንገቴ ቀለለኝ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት። እህቴ ከኋላ አቅፋኝ «ጆሮሽ እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?» አለችኝ። ይቺ ሴት ማጽናናት አትችልበትም፤ ግን ሳቅሁ።

ሁለተኛው የሆነው ሳሎን ስደርስ ነው። ባዶ ራሴን ነው የገባሁት፤ ሻሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ። እትዬ ማበጠሪያ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ምን አደረግሽ?»

«ቆረጥኩት፣ እትዬ። ታምሜያለሁ። ከእንግዲህ ለመስኮቱ አልቀመጥም። ደንበኞችን እየሠራሁ እቀጥላለሁ፤ ግን ግንባር ዳር አልጎትትም፣ ያመመውን እፈታለሁ።»

«አንቺ ልትመሪኝ ነው? ሰባት ዓመት ሥራ ያስተማርኩሽን እኔን?»

«አክብሬዎት ነው የምናገረው። ሐኪም ነው ያለኝ፣ ከመጎተት ነው።»

ፊታቸው ቀላ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የራስሽን ፀጉር አያያዝ በእኔ ልታላክኪ? እና ዛሬ ነው የታየሽ? ልጄ ፎቶሽን ሲያስተካክል የጎንሽን ፀጉር በኮምፒውተር መሙላት ከጀመረ ስንት ዓመቱ መሰለሽ!»

እሳቸውም ካፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የገባቸው።

«ምን አሉ?»

«…ሙላው ብዬው ነው። መስኮት ላይ ባዶ አይሰቀልም። እሱ ምን ያድርግ?» ድምፃቸው ወረደ። ወዲያው ግን መልሰው ከፍ አደረጉት። «ደግሞ ልጄ የወደደው ይሄን መሰለሽ? ያንን ነው፣ ያንን!» ብለው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ፎቶው ጠቆሙ።

ያውቁ ኖሯል። የእሱንም የእኔንም ፍቅር። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ማበጠሪያዎቼን እንኳ አልያዝኩም። መንገድ ላይ ቆሜ መስኮቱን አየሁት። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው እኔ፣ ግንባሯ ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያላት እኔ። ቀርቤ ስመለከተው ቀኝ ጎኗ ላይ ያለው ፀጉር ከሌላው ይልቅ እኩል ነው፣ ለፀጉር እኩልነቱ በዛ። አይቼው የማላውቀው ለምንድን ነው? ማየት ስለማልፈልግ።

ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጪ ኖሮ ነው ያለችኝ ሐኪሟ። ያ ፎቶ ከተነሳ ሦስት ዓመት አልፎታል። እሱ ያኔ አይቶታል! እኔ ሳላየው አይቶት፣ አፉን ይዞ በኮምፒውተር ብሩሽ ሸፈነው።

እኔኮ የምደብቀው እንዳይጠላኝ ብዬ ነበር። ለካ እሱ ራሱ ነው መጀመሪያ የደበቀኝ።

ሁለት ወር አልፎ፣ እሑድ

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። መጻፍ ስጀምር ወደ እሱ የሚሄድ ደብዳቤ ይሆንብኛል፤ እቀደዋለሁ።

ሌላ ሰፈር ያለች አነስተኛ ሳሎን ውስጥ ወንበር ተከራይቻለሁ። ደንበኛ መጀመሪያ አጥቼ ነበር። «ፀጉር የሌላት ፀጉር ልትሠራ!» ያለችም አለች፤ እውነቷን ነው፣ ከሷ ጋር አብሬ ሳቅሁ። አሁን ግን ራሴን አይተው የሚመጡ አሉ። ቀስ ብለው ጆሮዬ ሥር «እኔም እዚህ ጋ ጀምሮኛል» ይላሉ። ግንባር ዳሩን እተወዋለሁ፣ ጉንጉኑን ወፈር አደርገዋለሁ፣ ቅጥያ ካስፈለገ አጭርና ጥቂት፤ ከስድስት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ፣ ከተፈታም በኋላ እንዲያርፍ እነግራለሁ። ያመማት እንደሆነ ለመፍታት ሳንቲም አልቀበልም።

መድኃኒቱ ሐኪሟ እንዳለችው መጀመሪያ አረገፈኝ። ትራሴ ላይ ሳየው ጠርሙሱን ልወረውረው ደርሼ ነበር፤ እህቴ ናት የያዘችኝ። መርፌውን ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ፤ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያልፋል። መቅላቱ ጠፍቷል።

ከእሱ ሦስት ደብዳቤ መጥቷል። አልመለስኩም። አነባቸዋለሁ፣ አጥፌ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ አወጣቸዋለሁ። የምጠላው መስሎኝ ስነሳ፣ ፖስተኛው የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ እግሬ በሩ ላይ ያቆመኛል። ምን ዓይነት እግር ነው! ንዴትና ናፍቆት አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት ተስማምተው እንደሚያድሩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ሦስት ወር አልፎ፣ ሐሙስ

ዛሬ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ደንበኛዬን ሸኝቼ ወለሉን ስጠርግ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል እሱ ነው። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ ነው። እናቱ ጋ እንኳ ገና አልደረሰም፤ ያለሁበትን የነገረችው እህቴ ናት። መጥረጊያው በእጄ ነው፣ ራሴ ባዶ ነው፣ ሻሼ ቤቴ ነው። ለዚህች ቀን አምስት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ደህና ዋልሽ» አለ። ያው ድምፅ።

«ደህና ዋልክ።»

«ደብዳቤዎቼ አልደረሱሽም?»

«ደርሰውኛል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አቀረቀረ። ዓይኑ ጫማዬ ላይ ነው፣ ወለሉ ላይ ነው፣ ፀጉሬ ላይ ብቻ አይደለም። «ሌላ ሰው ካለ ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት። ሰምቼ እሄዳለሁ።»

«ሌላ ሰው የለም።» መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። «ያለው ይሄ ነው። ቀና በልና እየኝ።»

ቀና አለ። ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰው።

«መቼ ነው መጀመሪያ ያየኸው?» አልኩት።

ዝምታውን እወደው ነበር፤ ዛሬ ግን ልመታው ፈለግኩ።

«ጠየቅኩህ እኮ!»

«አረንጓዴ ቀሚስ የለበስሽ ዕለት» አለ በመጨረሻ። «ኮምፒውተር ላይ ሳጎላው ቀኝ ጎንሽ ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ፤ በዙሪያቸው ፀጉሩ ሳስቷል። እናቴን ጠራኋት። ‹ሙላው› አለች። ሞላሁት። ከዚያ በሚቀጥለውም። ከዚያ በኋላ ሳትነግረኝም እሞላው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳላሳፍርሽ ፈራሁ። ደግሞ… ብነግርሽ መቀመጥ ታቆሚያለሽ። ያቺ አንድ ሰዓት እንዳትቀርብኝ ፈራሁ።»

አየሽልኝ፣ ደብተሬ? እኔ ለዚያች አንድ ሰዓት ስል ሕመሙን ዋጥኩ፣ እሱ ለዚያችው አንድ ሰዓት ሲል ቃሉን ዋጠ። ሁለታችንም አንድ ነገር ስንሳሳለት ራሴ ላይ ያለውን በላነው።

«ሐኪሟ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አልኩት። «ያኔ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር አለችኝ። ያኔ፣ አንተ ባየኸው ጊዜ! ያኔ አሳፍረኸኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፀጉር ይኖረኝ ነበር።»

ሻንጣው ከትከሻው ተንሸራቶ ወረደ። እንባው ሲመጣ አየሁት፤ ሊያብሰውም አልሞከረም። አንድ እርምጃ ቀረበኝ።

«እኔ ግን… ለእኔ ምንም አልሆንሽም። እውነቴን ነው፣ ያው ነሽ። ምንም አይታይም።»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። «እንደገና ሞላኸው!» ብዬ ጮህኩ። «አሁንም ፊቴ ቆመህ ትሞላዋለህ! ሁለት ዓመት እህቴን ስዋሽ፣ አንተን ስዋሽ፣ መስታወቴን ስዋሽ ኖሬ ገና መዳኔ ነው፤ ዳግም ወደዚያ ልትመልሰኝ ነው? ከእናትህ ቤት እኮ የወጣሁት ከዚህ ውሸት ልሸሽ ነው። ሂድ! ሻንጣህን ይዘህ ሂድ!»

ሻንጣውን አነሳ። በሩ ጋ ደረሰ። ጀርባው በሩን ሲሞላው፣ ያንን ማየት ገደለኝ። እንዲህ እየፈለግኩት መሄዱ ነው? ገና ሳይሄድ ይናፍቀኝ ጀመር።

«ቆይ» አልኩ።

ቆመ፤ አልዞረም።

«ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። አንተ ከሰው ሁሉ ይልቅ ራሴን ታውቀዋለህ። ዙርና እየኝ። ምን ይመስላል? ያየኸውን ብቻ ንገረኝ፣ አንዲት ነገር ሳትጨምር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል። ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሻንጣውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ እንደዚያን ጊዜው ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ቀኙ ከግራው ይብሳል» አለ። «ከጆሮሽ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ነው። ቆዳው ያበራል። እዚያ ምንም የለም።» ወደ ግንባሬ ዞረ። «ጠርዙ ላይ አጫጭር ፀጉሮች አሉ፣ ቀጭን ናቸው፣ ከነሱ ኋላ ባዶ ነው። ግራው ሳስቷል፣ ግን አለ። ከሥሩ ጥቋቁር ነገር እየወጣ ነው፣ በጣም ትንሽ። ግንባርሽ ከድሮው ሰፍቷል። በፊት እንዲህ አልነበረም። እኔ… እኔ መጀመሪያ ስሞላው የነበረው ከዚህ በጣም ያንስ ነበር።»

«ይመለሳል?»

«ግራው እንጃ፣ ምናልባት። ቀኙ አይመስለኝም።»

እንዲህ ነው ያለኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። እወድሻለሁ ቢለኝ ኖሮ እንዲህ አላለቅስም ነበር። ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሱ አልነካኝም፣ አላባበለኝም፣ አይዞሽም አላለኝም፤ አጠገቤ በርከክ ብሎ እንባዬ እስኪያባራ ድረስ ዓይኑን ከራሴ ላይ አላነሳም። አንድ ሰው እኔን እንዳለሁ ሲያየኝ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩ።

ይቅር ብዬው እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። እናቱ ምን እንደሚሉም አናውቅም። በእነዚያ ሁሉ ደብዳቤዎች ላይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ልጽፈው ያልቻልኩትን፣ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ራሴ ባዶ ሆኖ ነገርኩት። በጣም ናፍቀኸኝ ነበር አልኩት።